መርዶው ያልተነገረ መለያየት

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 28 ዓመቴ ነው፤ ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው። አራት ዓመት አብሮኝ የቆየው ፍቅረኛዬ «በቃ፣ መቀጠል አልቻልኩም» ካለኝ አምስት ሳምንት ሆነው። አልተጣላንም። «ቢያንስ እንደ እህትና ወንድም እንጠያየቅ» አለኝ፤ እሺ አልኩት። አንዳንድ ማታ በቴሌግራም «እንዴት ዋልሽ?» ይለኛል። ደግሞ አራት አምስት ቀን ድምፁ ይጠፋል። ጓደኞቼ ብሎክ አድርጊው ይሉኛል። እኔ ግን ብሎክ ማድረግ የልጅ ሥራ ይመስለኛል፤ ጠላቴ አይደለም። ደህና ነኝ፣ ሥራዬንም እየሠራሁ ነው፤ ሌሊት ብቻ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። እናቴ ደም ግፊት ስላለባት ለቤተሰብ ገና አልነገርኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቱ ጋ መሄዴንም አላቆምኩም። እሳቸው ምን በደሉኝ? ባለፈው እንዲያውም «ለሰርጋችሁ ነው» ብለው ያነጠሩትን ቅቤ አሳዩኝ። በጓደኝነት ብንቀጥል ችግር አለው? ወይስ ብሎክ ላድርገው?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ቴሌግራሙን አልፌ ቅቤው ላይ ቆምኩ።

ምን ብለሽ መለስሽላቸው? እሱን አልጻፍሽም። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ» ብለሽ ይሆናል። ሌላ ምን ይባላል? ግን ያቺን ሰዓት አስቢያት። እሳቸው የቅቤውን ክዳን ከፍተው ያሳያሉ፤ አንቺ አጠገባቸው ቆመሽ ታያለሽ። እዚያ ቤት ውስጥ አንቺ ዛሬም ሙሽራ ነሽ። መለያየቱ እዚያ ቤት አልደረሰም።

ጥያቄሽ ከእሱ ጋር ስለሚኖርሽ ግንኙነት ነው። ከእሱ ጋር የምትጻጻፊው ግን በሳምንት ጥቂት መስመር ነው። ትልቁ ግንኙነት ቅዳሜ ቅዳሜ ያለው ነው፤ እሱን ደግሞ በጥቂት ቃል አልፈሽዋል።

አሁን ቅር የሚያሰኝሽን ነገር ልናገር። ለቤተሰብ ያልነገርሽው ለእናትሽ ጤና ብለሽ እንደሆነ ጽፈሻል። ስለ እናትሽ መስጋትሽ እውነት ነው፤ አልጠራጠርም። ነገር ግን የእናትሽ ግፊት ለእሱ እናት ያልተነገረበትን ምክንያት አያስረዳም። ሁለት እናቶች አሉ፤ የሰጠሽው ምክንያት አንዷን ብቻ ነው የሚሸፍነው። እኔ ከደብዳቤው የማነበው ሌላ ነገር ነው። እሱ በሚቀጥለው ሳምንት «ተሳስቻለሁ» ብሎ ቢመጣ፣ ማንም ምንም ሳያውቅ ነገሩ ይታለፋል። ምስጢሩ በሩን ክፍት አድርጎ ይጠብቅልሻል።

በዚህ አልፈርድብሽም። ከአራት ዓመት በኋላ አምስት ሳምንት ምንም ማለት አይደለም። ተስፋ ማድረግም ያለ ነው። ግን ዋጋውን ማን እየከፈለ እንደሆነ እንይ።

እኛ አገር ሰው ሲሞት ወሬው እንዲሁ አይወረወርም። ዘመድና ጎረቤት ይመካከራል። ማን እንደሚናገር ይወሰናል። ብዙ ጊዜ ማለዳ ሄደው፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ ይዘው ነው መርዶ የሚነግሩት። ከዚያ በኋላ ቤቱ በሰው ይሞላል። ምግብ ከጎረቤት ይመጣል። ሐዘንተኛው ሥራ ይግባ፣ ይሳቅ፣ ደህና ይሁን ብሎ የሚጠብቅ የለም። ቢያለቅስ «ምን ሆንክ?» አይባልም። መርዶ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ሰውየው ማዘን እንዲጀምር፣ ሌላውም ሊያግዘው እንዲችል። መርዶው እስኪነገር ድረስ ግን ለቅሶ መቀመጥ የለም።

የአንቺ መርዶ አልተነገረም። በነጋታው ባንክ ገብተሽ ብር ቆጥረሻል። ቤት ገብተሽ ከእናትሽ ጋር እራት በልተሻል። ቅዳሜ ደግሞ ከእሱ እናት ጋር ቡና ጠጥተሻል። ቀኑን ሙሉ ደህና የሆነች ሴት መሆን አለብሽ። እንግዲህ ሐዘኑ በየት ሰዓት ይምጣ? የሚመጣው ማንም በማያይሽ ሰዓት ነው፤ ሌሊት። «ደህና ነኝ፣ እንቅልፍ ብቻ» ያልሽው እንቅልፍ ለእኔ የደብዳቤው ዋና ነገር ነው።

ፖሊን ቦስ የምትባል አሜሪካዊት ባለሙያ እንዲህ ያለውን ሐዘን ለረጅም ዓመታት አጥንታለች። ሥራዋን በ1970ዎቹ ስትጀምር ያየችው በቬትናም ጦርነት የደረሱበት የጠፋ ወታደሮችን ቤተሰቦች ነበር። ሰውየው ሞቷል እንዳይሉ አስከሬን የለም። አለ እንዳይሉ ድምፁ የለም። እነዚህ ሰዎች ማልቀስም ሆነ ወደፊት መሄድ ያቅታቸው ነበር። በኋላ ያንኑ ነገር በፍቺና በመለያየትም አየችው፤ ሰውየው በሕይወት አለ፣ ግን የአንቺ አይደለም። እንዲህ ያለ ሐዘን መጨረሻው የማይታወቅ ስለሆነ ባለበት ይቆማል። አንቺ ደግሞ በላዩ ላይ ሁለት ነገር ጨምረሽበታል፤ የማያውቁ ቤተሰቦች፣ እና እየመጣ የሚጠፋ «እንዴት ዋልሽ?»።

አሁን ስለ መልእክቱ ልናገር። ዴቪድ ስባራና ሮበርት ኤመሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2005 ያሳተሙት ጥናት አለ። በቅርቡ የተለያዩ ወጣቶች ለአራት ሳምንት ስሜታቸውን በየቀኑ መዘገቡ። ከቀድሞ ፍቅረኛቸው ጋር መገናኘታቸው ፍቅሩም ሐዘኑም ቶሎ እንዳይበርድ ከማድረግ ጋር ተያይዞ ተገኘ። ተጠኚዎቹ ጥቂት የአሜሪካ ተማሪዎች ናቸው፤ የሁሉም ሰው ሕግ ነው አልልም። ምክር ክፍል ውስጥ የማየው ግን ከዚህ አይርቅም። በተለይ መልእክቱ ቀን ያልተቆረጠለት ሲሆን። በየቀኑ ቢጽፍልሽ ይሰለችሽ ነበር። ጭራሽ ባይጽፍ ቀስ በቀስ መጠበቅ ትተይ ነበር። አራት ቀን ጠፍቶ በአምስተኛው ማታ ብቅ ሲል ግን መጠበቅን ያስተምርሻል።

እህትና ወንድም መሆናችሁን የምታውቂበት ቀላል መንገድ አለ። ወንድምሽ «እንዴት ዋልሽ?» ሲልሽ «ደህና፣ አንተስ?» ብለሽ ስልኩን ታስቀምጫለሽ። ለእሱ የምትመልሺውን ስንት ጊዜ ጽፈሽ ታጠፊዋለሽ? ቶሎ ብመልስ ምን ይለኛል ብለሽ ስንት ደቂቃ ትቆያለሽ? «ኦንላይን» ሲል እያየሽ ትጠብቂያለሽ? አዎ ከሆነ ይሄ ገና ጓደኝነት አይደለም። አንድ ቀን ሊሆን ይችላል፤ የሆነላቸው ሰዎች አይቻለሁ። በእነዚህ ሳምንታት ግን አይሆንም።

እሱን ክፉ ነው ለማለት አይደለም። ምናልባት ጸጸት ይዞት ይሆናል። አንቺ «ደህና ነኝ» ስትይው ጸጸቱ ይቀልለታል፤ ተኝቶ ያድራል። አንቺ ትነቂያለሽ።

ለእናቱም ላድላ። «እሳቸው ምን በደሉኝ?» ብለሻል። እውነት ነው፣ አልበደሉሽም። ግን እኚህ ሴት በዚህ ኑሮ ቅቤ ገዝተው የሚያነጥሩት ለማይኖር ሰርግ ነው። እሱም ያውቃል፣ አንቺም ታውቂያለሽ፤ የማያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ይህ ሲሰማ የሚያሳዝናቸው መለያየታችሁ ብቻ አይሆንም። ቅዳሜዎቹን አንድ በአንድ ያስታውሷቸዋል። መውደድሽን አልጠራጠርም፤ ስለምትወጃቸው ነው ይህን የምልሽ።

ምን ላድርግ ካልሽኝ፣ ከቴሌግራሙ በፊት መርዶው ይነገር። ለእናቱ መንገር የእሱ ድርሻ ነው፤ ውሳኔው የእሱ ነውና። «በዚህ ሳምንት ንገራቸው፤ ከዚያ መጥቼ እሰናበታቸዋለሁ» ብለሽ አጭር መልእክት ላኪለት። ከነገራቸው በኋላ አንድ ጊዜ ሂጂ። ያለቅሱ ይሆናል። «እኔ አስታርቃችኋለሁ» ብለው ሽማግሌ ሊጠሩም ይችላሉ። ለዚህ ተዘጋጅተሽ ሂጂ። «እማማ፣ አልተጣላንም፤ እሱ አልፈለገም፣ እኔም ልለምነው አልፈልግም» ብትይ ይበቃል። ከዚያ ቅዳሜው ለጊዜው ይቁም። ለበዓል ስልክ መደወል በቂ ነው።

ለእናትሽ ደግሞ ብቻሽን አትንገሪ። ታላቅ እህት ወይም አክስት ካለሽ መጀመሪያ ለእሷ ንገሪያትና አብራችሁ ግቡ። ግፊታቸው ካልተረጋጋ ሐኪማቸውን ቀድሞ መጠየቅ አይከፋም። ግን ብዙ እናቶች ሲነገራቸው «ሌሊት ስትንጎራደጂ እሰማሽ ነበር» ነው የሚሉት።

ብሎኩን በተመለከተ፣ ጓደኞችሽም አንቺም በከፊል ልክ ናችሁ። ብሎክ ማድረግ የልጅ ሥራም ጥላቻም አይደለም። ግን መጀመሪያ ቀለል ያለውን መሞከር ይቻላል። «ለተወሰነ ጊዜ ባንጻጻፍ ይሻለኛል፤ ስበርታ እኔ እጽፍልሃለሁ» በይውና ቻቱን ድምፅ አጥፍተሽ አርካይቭ ውስጥ አስገቢው። ከቴሌግራም የፕራይቬሲ ማስተካከያ ውስጥ Last Seen & Online የሚለውን ከፍተሽ የአንቺን ሰዓት ከእሱ ደብቂ። ፕሪሚየም ካልገዛሽ በስተቀር ያን ጊዜ የእሱንም ትክክለኛ ሰዓት ማየት ታቆሚያለሽ። ለመጀመሪያው ጊዜ ስድስት ሳምንት ያህል ሞክሪው፤ ቁጥሩ የተቀደሰ አይደለም። እጅሽ እየሄደ ከከፈተው ግን ያኔ ብሎክ አድርጊው፤ ጓደኞችሽ ልክ ናቸው።

ከተናገርሽ በኋላ ባሉት ቀናት እንደሚከፋሽ እወቂ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ባልናገር ይሻለኝ ነበር» ይላል። የባሰብሽ መስሎሽ አትደንግጪ፤ የዘገየው ለቅሶ እየመጣ ነው። ሁለትና ሦስት ቀን ፈቃድ መውሰድ ከቻልሽ ውሰጂ።

በደብዳቤ የማየው ይህን ያህል ነው። ከቻልሽ አንድ የምክር ባለሙያ በአካል አግኚ፤ በተለይ ለእናትሽ ከመንገርሽ በፊት ብትለማመጂው ጥሩ ነው። እንቅልፉ ከነገርሽ በኋላም ሁለት ሳምንት ካልተመለሰ፣ ምግብ ካስጠላሽ ወይም ሥራ ላይ ስህተት ከበዛብሽ፣ ይሄን እንደ ምርጫ አትዪው፣ ሂጂ። ሞት የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያው ቀን ሰው ይዘሽ ወደ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ የአእምሮ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያሽ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።