መስቀሉን በፔን፣ ማተቡን በአውቶማቲክ

«ሰላም ጋሼ፣ በቴሌግራም የብር መስቀል እሸጣለሁ። ባክግራውንድ በሚያጠፋ አፕ ሳወጣው የመስቀሉ ቀዳዳዎች ሳይከፈቱ ይቀራሉ፣ ጠርዙም አንዳንድ ቦታ ተበልቶ ይወጣል። በፔን ቱል ስሞክር ደግሞ አንዱ ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። 24 ፎቶ አለኝ። የቱን ልያዝ?»

እህቴ፣ ሁለቱንም ያዢ፤ ያውም እዚያው አንድ ፎቶ ላይ። የላክሽውን አየሁት። መስቀሉ ጥርት ያለ ጠርዝ ያለው ብረት ነው፣ የታሰረበት ማተብ ደግሞ ጸጉር ጸጉር የሚል ክር። ክሩን በፔን ለመከተል ከሞከርሽ እየመሸብሽ ነው፤ ስትጨርሺም በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። ብረቱን ለአውቶማቲኩ ከተውሽ ደግሞ ያው ያየሽው ነው የሚሆነው።

ጠርዙን ለምን ይበላዋል? ነጭ ወረቀት ላይ ነው ያነሳሽው። የተወለወለ ብር እንደ መስታወት ነው፣ አጠገቡ ያለውን ያሳያል። ስለዚህ ዳሩ ላይ ያለው ነጭ ብርሃን ከወረቀቱ ጋር አንድ ሆኗል፣ መሣሪያው ብረቱ የት እንዳበቃ አያይም። ቀዳዳዎቹም እንደዚያው ናቸው፦ ብዙዎቹ አፖች ፎቶውን አሳንሰው አይተው ነው የዕቃውን ቅርጽ የሚገምቱት፣ ትንሿ ቀዳዳ እዚያው ትጠፋለች። ቀሪዎቹን እንደገና ማንሳት ከቻልሽ ግራጫ ካርቶን ላይ አንሺያቸው። ባለ ቀለም ወረቀት ግን አይሆንም፣ ብሩ ቀለሙን ይጠጣል፤ እሱን ማጽዳት ከመቁረጡ ይብሳል።

አሁን ሥራው። ፎቶሾፕ ውስጥ `Select Subject` በይና ሴሌክሽኑን ማስክ አድርጊው። ማተቡን እንዳለ ተይው። ከዚያ ፔን ቱሉን ያዢ (`P`)፣ ከላይ ያለው ምርጫ `Shape` ሳይሆን `Path` መሆኑን እይ። ዙም 200% አድርጊና ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ዙሪያቸውን ዝጊ። አንድ ሰዓት የፈጀብሽ ነጥብ አብዝተሽ ይመስለኛል። ለክብ ቀዳዳ አራት ነጥብ ይበቃል፤ ነጥብ የሚቀመጠው መስመሩ አቅጣጫ የሚቀይርበት ቦታ ነው እንጂ በየሚሊሜትሩ አይደለም። ነጥብ በበዛ ቁጥር ጠርዙ ይንቀጠቀጣል።

መስመሩን ብረቱ ዳር ላይ በትክክል አታሳርፊው፣ አንድ ፒክስል ያህል ወደ ብረቱ አስገቢው። ካልሆነ የወረቀቱ ነጭ ቅሪት እንደ ክር ይከተልሻል።

ሲያልቅ ቀኝ ክሊክ፣ `Make Selection`፣ `Feather Radius` 0.5። ማስኩ ላይ ቆመሽ በጥቁር ሙዪው፣ ቀዳዳዎቹ ይከፈታሉ። ሴሌክሽኑ የፎቶውን ዳር ዞሮ ከመጣ ተገልብጧል ማለት ነው፤ ፓዞቹን ሁሉ መርጠሽ ከላይ `Combine Shapes` አድርጊያቸው። የተበላው የውጭ ጠርዝም ያው ነው፦ የጎደለውን ቦታ ብቻ በፔን ከብበሽ ማስኩን በነጭ ሙዪው። ሙሉውን መስቀል መዞር አይጠበቅብሽም።

በነገራችን ላይ `Work Path` የሚለውን ሁለቴ ክሊክ አድርገሽ ስም ስጪው። እኔ አንድ ጊዜ የግማሽ ቀን ሥራ ሳላስቀምጠው ሌላ መስመር ጀመርኩና በላዩ ተተካ። ያኔ የተሳደብኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ከመለጠፍሽ በፊት ከሥሩ ደማቅ ቀይ ሌየር አስገቢ። ነጭ ላይ የማይታየው ሁሉ ቀይ ላይ ይጋለጣል፦ ነጭ ክር ካየሽ መስመርሽ ወደ ውጭ ወጥቷል፣ ብረቱ ውስጥ ቀይ ብልጭታ ካየሽ አውቶማቲኩ በልቷል። ማተቡ ዙሪያ ትንሽ ብዥ ቢል አትጨነቂ፣ ክር እንደዚያ ነው።

24ቱን ደግሞ ለይ። ቀዳዳ የሌላቸውንና ግራጫ ላይ የተነሱትን አውቶማቲኩ ብቻውን ይወጣቸዋል፤ ቀዩ ላይ አይተሽ ማለፍ ነው። ፔን የሚያስፈልገው ባለ ቀዳዳዎቹ ላይ ነው። ከእነሱም በአንድ ቅርጽ የፈሰሱ ካሉ የአንዱን ፓዝ ኮፒ አድርገሽ ሌላው ላይ ለጥፊና በ`Ctrl+T` አስተካክይው። በእጅ የተቀረጹት ላይ ግን ይሄ አይሠራም፣ አንጥረኛው ሁለቱን አንድ አድርጎ አይሠራቸውም፤ እነሱን እያንዳንዳቸውን ቁጭ ብሎ በፔን መዞር ነው።