«ሄሎ» የቤል ፍቅረኛ ስም ነውን?

ጥያቄ፦ «ደሴ ፒያሳ ቡና ስንጠጣ አንድ ሰው ‹ሄሎ› የስልክ ፈልሳፊው የቤል ፍቅረኛ የማርጋሬት ሄሎ ስም ነው አለ። እውነት ነው?»

ወንድሜ፣ ፈጽሞ እውነት አይደለም። ይህ ተረት በየስልኩ ሲዞር ማየት ያሳዝነኛል፤ ውድቅ ለማድረግ ሁለት ነገር ይበቃልና። ቤል በ1877 እ.ኤ.አ. ያገባት ሴት ሜብል ሃባርድ ትባላለች። ቃሉ ደግሞ በ1820ዎቹ በአሜሪካ ታትሞ ይገኛል፤ ቤል የተወለደው በ1847 ነው።

ቃሉ መጀመሪያ ሰላምታ አልነበረም። ወሎ ውስጥ ከአንዱ ተራራ ማዶ ያለውን ሰው «አንተ እገሌ!» ብለን እንደምንጠራው ያለ፣ ትኩረት መሳቢያ ጩኸት ነበር። ሰላምታ ያደረገው ስልክ ነው። በመጀመሪያው ዘመን መስመሩ ሁልጊዜ ክፍት እንዲሆን ታስቦ ስለነበር፣ ማዶ ያለውን ሰው በምን እንጥራው የሚል ችግር ተነሣ። ሌላው ፈልሳፊ ቶማስ ኤዲሰን በነሐሴ 1877 በጻፈው ደብዳቤ፣ «ሄሎ» ከ10 እስከ 20 ጫማ ርቀት ስለሚሰማ ደወል አያስፈልግም አለ። ቤል ራሱ የመረጠው የመርከበኞችን ጥሪ «አሆይ»ን ነበር! የማዞሪያ ሠራተኞች ግን ኤዲሰንን ተከተሉ፤ በአሜሪካ ሴቶቹ ኦፕሬተሮች «የሄሎ ልጃገረዶች» እስከ መባል ደረሱ።

ስልክ በሄደበት ቃሉም ሄደ፤ ፈረንሳዩ «አሎ» አለ፣ ዐረቡም «አሎ»፣ እኛ «ሃሎ»። በእኛ አገር «ሃሎ» ዛሬም በዋናነት የስልክ መክፈቻ ነው፤ «እንደምን አላችሁ» ወይም «አሰላሙ አለይኩም» የሚመጣው ከእርሱ በኋላ ነው።