የፕሮፖዛሉ ስላይድ ከምን ይጀምር?

«ከደንበኞቹ ጋር የመጀመሪያውን ስብሰባ ጨርሰናል፤ ሐሙስ ካዛንቺስ ቢሯቸው ሄጄ የስቶክ ሶፍትዌር ፕሮፖዛል አቀርባለሁ። የድርጅታችንን ፕሮፋይል ላስቀድም?»

አታስቀድም። መጨረሻ ላይ አንድ ስላይድ ይበቃዋል፤ ባያውቋችሁማ መልሰው አይጠሩህም ነበር።

መጀመሪያ እነሱ የነገሩህን ችግር በራሳቸው አነጋገር አስቀምጥ። ስቶር ኪፐሩ «ቢን ካርዱና ሲስተሙ አይገጥምም» ካለ እንደዚያው ጻፈው፤ «የንብረት አያያዝ ክፍተት» ብለህ አታሳምረው።

ቀጥሎ ችግሩ የሚያስወጣቸውን በብር አሳይ። ወርሃዊ ቆጠራው 4 ሠራተኛ ለ3 ቀን ከያዘ 12 የሥራ ቀን ነው፤ አንዱ ቀን 600 ብር ቢታሰብ በወር 7,200 ብር። ይህ ብቻውን የ400,000 ብር ሶፍትዌር አያስገዛም። በቆጠራው ቀን ሽያጭ የሚቆም ከሆነ ትልቁ ኪሳራ እዚያ ስለሆነ እሱንም ደምር። ቁጥሩን ግን ከእነሱ ውሰድ፤ የጎደለህ ካለ ከሐሙስ በፊት ደውለህ ጠይቅ። አንዱን ግምትህን ሒሳብ ሹሟ ካፈረሰችው ከዚያ በኋላ የምታሳየውን ዋጋም አታምንም።

መፍትሔው ላይ ያልጠየቁትን ሞጁል አትደርድር። ይልቅ የማይካተተውን ጻፍ፤ የድሮውን መረጃ ወደ ሲስተም ማስገባት የማን ሥራ እንደሆነ ካልተጻፈ በኋላ ጭቅጭቅ የሚነሳው በእሱ ነው።

ዋጋውን ከፋፍለህ አሳይ፦ 400,000፣ 15% ቫት 60,000፣ ድምር 460,000 ብር። «እናመሰግናለን» በሚለው ስላይድ ፋንታ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሚፈርም አስቀምጥ።

እና የሚወስነው ሰው ሐሙስ መኖሩን ዛሬውኑ አረጋግጥ። ከሌለ ቀኑን ብታስለውጥ ይሻላል።