«ታላቅ መክፈቻ» ወይስ «ተከፍቷል»?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ቡሬ ላይ የሕንጻ መሣሪያ መደብር ልከፍት ነው። ባነር የሚሠራልኝ ልጅ “ታላቅ የመክፈቻ ፕሮግራም” ብሎ፣ ከላዩ ደግሞ “ግራንድ ኦፕኒንግ” ጨምሮ ዲዛይን ላከልኝ። አባቴ “ምረቃ” በል ይሉኛል። ከበሩ በላይ ያለው ቦታ ወርዱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ነው። ምን ብዬ ልጻፍ? የትኛው ቃልስ ይተልቅ?»

መልስ፦ በመጀመሪያ ይቅናህ። በአጭሩ «ተከፍቷል» በል፤ ትልቁም ቃል እሱ ይሁን። አሁን ወደ ምክንያቱ ልግባ።

«መክፈቻ» የሚለው ቃል በራሱ ምንም አልጎደለውም። ችግሩ ሥራው መብዛቱ ነው። ከመጥረግ መጥረጊያ፣ ከመሸጥ መሸጫ፣ ከመውጣት መውጫ እንደምንለው፣ ከመክፈትም መክፈቻ እንላለን። እንዲህ ያለ ቃል አንዳንዴ ዕቃ ነው፤ መጥረጊያ ዕቃ ነው። አንዳንዴ ቦታ ነው፤ መሸጫ ቦታ ነው። አንዳንዴም ጊዜ ነው፤ የፀሐይ መውጫ እንላለን። «መክፈቻ» ሦስቱንም ይዟል። «የመክፈቻ ንግግር» ሲባል ማንም አይሳሳትም፤ ተከታዩ ቃል ይመራዋል። ብቻውን ሲቆም ግን መጀመሪያ ወደ ጆሮ የሚመጣው ዕቃው ነው። የቁልፍ መክፈቻ፣ የጠርሙስ መክፈቻ።

አንድ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ላይ ቁልፍና ማጠፊያ ከሚሸጥ ሱቅ በላይ «ታላቅ መክፈቻ» የሚል ባነር ተሰቅሎ አይቻለሁ። አብሮኝ የነበረው ወዳጄ ቆም ብሎ፣ «የምን በር ሊከፍቱበት ነው?» አለኝ። አንተም የምትሸጠው በር፣ መስኮትና ቁልፍ ነው። ሳቁን ለጎረቤት አትስጠው።

ልጁ «ፕሮግራም» የሚለውን መጨመሩ ትርጉሙን አስተካክሎታል፤ በሰዋስው በኩል ዲዛይኑ አይነቀፍም። የሚነቀፈው በርዝመቱ ነው። እሱን ወደ ሜትሩ ስንደርስ አሳይሃለሁ። «ግራንድ ኦፕኒንግ» ግን ይውጣ። የቡሬ ገበያተኛ የማያነበው ቃል ቦታ ብቻ ይበላል። በዚያ ላይ እንግሊዝኛው ጮክ የሚለው በትልልቅ ፊደል ሲጻፍ ነው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ዓይነት የለውም። ጮክ ማለት የምንችለው በመጠን፣ በውፍረትና በቀለም ብቻ ነው። ስለዚህ ከቃሎቹ አንዱን መርጠህ ማተለቅ አለብህ። ሁሉንም ካተለቅህ አንዱም አይጮኽም።

የአባትህ «ምረቃ» ጥሩ ቃል ነው፤ ቦታው ግን ባነሩ አይደለም። መረቀ ማለት ባረከ ነው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ዳቦው ተቆርሶ «ገበያውን ያቅናልህ» ሲሉህ ያ ምረቃ ነው። የአንድ ቀን ነገር ነው። መጥሪያ ወረቀት ላይ «የምረቃ ቀን» ብለህ ቀኑን ጻፍ፤ አባትህም ደስ ይላቸዋል። ባነሩ ግን ሳምንታት ይሰቀላል። በሦስተኛው ሳምንት «ምረቃ» የሚለውን ያነበበ ሰው ወይ አልፎኛል ይላል፣ ወይ ከዩኒቨርሲቲ ማን ተመረቀ ብሎ ይጠይቃል።

«ተከፈተ» እና «ተከፍቷል» ደግሞ ለየቅል ናቸው። «ተከፈተ» የሆነውን ይነግራል፤ ለአፍ ወሬ ይስማማል። «ተከፍቷል» ሆኖ እንዳለ ይነግራል። በሩ አሁንም ክፍት ነው፣ ግባ ማለት ነው። ሳምንታት ለሚሰቀል ነገር ሁለተኛው ይሻላል። አንድ ጣጣ ግን አለው። ከወር በኋላ ቃሉ «አዲስ ተከፈተ» መሆኑ ይቀርና «ዛሬ ክፍት ነው» ይመስላል። እሑድ በሩ ተዘግቶ ከላይ «ተከፍቷል» ቢል አያምርም። ስለዚህ ከወር በላይ አታቆየው፤ አውርደህ ቋሚውን ማስታወቂያ ስቀል።

አሁን ወደ ሜትሩ። እኔ የምጠቀምበት ልክ ቀላል ነው፦ ከአንድ ሜትር ርቀት በምቾት እንዲነበብ አንድ ሳንቲ ሜትር ቁመት። ከ30 ሜትር እንዲነበብ የምትፈልገው ፊደል 30 ሳንቲ ሜትር ይቁም። ከዚያ ያነሰም ይታያል፤ ግን ዓይን ያፈጣል። ለወርዱ ደግሞ ፊደሉን ቁጠር። የእኛ ወፍራም ፊደል ከነክፍተቱ ወርዱ ከቁመቱ ጋር ይቀራረባል። ለግምት አንዱን ፊደል እንደ አራት ማዕዘን ቁጠረው፤ በሁለት ቃል መሃል ያለውን ባዶ ደግሞ ግማሽ ፊደል በለው።

ባነርህ 400 በ100 ሳንቲ ሜትር ነው። ዙሪያውን 8 ሳንቲ ሜትር ተውለት፤ ጠርዙ ይታጠፋል፣ የገመዱ ቀለበትም እዚያ ይገባል። የሚቀርህ 384 በ84 ነው። «ታላቅ የመክፈቻ ፕሮግራም» 13 ፊደልና ሁለት ባዶ ነው፤ በድምሩ 14። 384ን ለ14 ስታካፍለው 27 ይደርስሃል። ባነሩን ከዳር እስከ ዳር ይዞም ከ27 ሳንቲ ሜትር በላይ ሊቆም አይችልም። ያን ሁሉ ቦታ በልቶ የመደብሩን ስም እንኳ አልነገረንም። «ተከፍቷል» አምስት ፊደል ነው። 45 ሳንቲ ሜትር ብታቆመው የሚይዘው 225 ነው።

ቀሪው ስምህ ነው። እውነተኛውን ላለመግለጥ ጮቄ ልበለው። ብዙ ሰው ግሱን ከላይ፣ ስሙን ከታች ይደረድራል። እኔ ግን እንዲህ ሰፊና አጭር ለሆነ ባነር የአማርኛን ቅደም ተከተል እከተላለሁ። ግሳችን መጨረሻ ነው የሚመጣው፤ የምናነበውም ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ስለዚህ ግሱ በስተቀኝ፣ ባለቤቱ በስተግራ ይቁም። ለግሱ 225 ስጠው። መሃል ላይ 19 ባዶ ተው። ለግራው 140 ይቀራል። እዚያ ላይ «ጮቄ» በ32 ሳንቲ ሜትር፣ ከሥሩ «የሕንጻ መሣሪያ» በ16፣ ከዚያ ሥር «መደብር» በ16። መሃከለኛው መስመር ስምንት ፊደልና ግማሽ ነው፤ በ16 ሲባዛ 136፣ ይገባል። ቁመቱም ከሁለት ስምንት ስምንት ክፍተት ጋር 80 ነው። ሲነበብ «ጮቄ የሕንጻ መሣሪያ መደብር ተከፍቷል» ይላል፤ ማንም ሳያቃና በአፉ የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው።

በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባጃጅ በሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ይሄዳል። ከ45 ሜትር ላይ ግሱን ያያል፤ እስከ ደጅህ ያለው ጊዜ 5 ሰከንድ ያህል ነው። እየቀረበ ሲመጣ ስሙን፣ ቀጥሎ ሙያውን ያነባል። ስልክ ቁጥር፣ የዕቃ ዝርዝር፣ «እንኳን ደህና መጡ» ለዚህ ጊዜ አይሆኑም። «እንኳን ደህና መጡ» የሚባለው ደርሶ ለቆመ ሰው ነው፤ በሩ መስታወት ላይ ይለጠፍ። ዝርዝሩም እዚያው።

ከባነር ሠሪው ጋር ስትነጋገር ሁለት ነገር አስረግጠህ ንገረው። አንደኛ፣ 45 ስትል የፊደሉን አካል ማለትህ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የሚጻፈው የፊደል መጠን ከላይና ከታች ያለውን ባዶም ይጨምራል። ቁጥሩን እንዳለ ካስገባ ፊደሉ አንሶ ይወጣል። «ተ»ን በማስመሪያ ይለካልህ።

ሁለተኛ፣ ፊደሉን ገፍቶ እንዳያጠበው፣ በነጭ ጠርዝም እንዳያፍነው። የፊደላችን ልዩነት ያለው በትንንሽ ቦታ ነው። ፈ እና ፍ፣ ረ እና ሪ የሚለዩት በአንድ ጭረት ነው። ጸ ጻ የሚሆነው አንድ እግሩ ሲረዝም ነው። የአንተን ቃል እንኳ ብትወስድ፣ «ተከፍቷል» እና «ተከፍሏል» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ብቻ ነው። ቷ እና ሏ ደግሞ እግራቸው አንድ ዓይነት ነው። ፊደሉ ታፍኖ ቷ ሏ ከመሰለ ማስታወቂያህ ደረሰኝ ሆነ ማለት ነው።

ከማሳተምህ በፊት በወረቀት ሞክረው። ዲዛይኑን ኤፎር ወረቀት ላይ 20 ሳንቲ ሜትር በ5 አድርገህ አትመው። ይህ የባነሩ ሃያኛ እጅ ነው። ግድግዳ ላይ ለጥፈህ 2 ሜትር ከሩብ ራቅ። ከዚያ የሚታይህ ከ45 ሜትር ላይ የሚታየው ነው። ግን አንተ አታንብበው፤ ቃሉን ስለምታውቀው ባይታይህም ታነበዋለህ። ዲዛይኑን ያላየ ሰው ጥራና «ምን ይላል?» በለው። «ተከፍ...» ብሎ ከተንተባተበ ፊደሉ ይስፋ።

ቦታውንም ከመንገዱ ማዶ ሆነህ እይ። የበረንዳው ቆርቆሮ ወደ ፊት ከወጣና ዝቅ ካለ፣ ከሩቅ ለሚያየው ሰው የባነሩን ራስ ይቆርጥበታል። ልጅ መሰላል ላይ አውጥተህ 1 ሜትር እንጨት ያዝ በለው። ማዶ ሆነህ የእንጨቱ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚታይህ ልብ በል። 80 ብቻ ከታየህ ባነሩ 80 ነው፤ ስሌቱንም ከዚያ ጀምር።

ስለ አጻጻፍ ደግሞ በአንድ ትንፋሽ፦ «ሕንጻ» ሥሩ ሐነጸ ነውና በሐመሩ ሐ እና በጸሎቱ ጸ ጻፈው፤ «መሣሪያ»ም በንጉሡ ሠ ነው። «ህንፃ» ብለህ ብትጽፍ ሚስማርህን የሚተው ገዢ የለም፤ አባትህ ግን ዝም የሚሉ አይመስለኝም።