«ስከፍት ተሰበረ» ወይስ «ተሰብሮ ነበር»? ስለ ሩቅ ኃላፊ ጊዜ ጥያቄና መልስ

የሰው ጽሑፍ ማረም ሥራዬ ነው። «ነበር» የት ይግባ፣ የት ይቅር የሚለው ጥያቄ በየሳምንቱ ይደርሰኛል። ዛሬ የመጣውን ሁሉ እመልሳለሁ ብዬ ተቀምጫለሁ።

«ጋሼ፣ የመጋዘን ሠራተኛ ነኝ። ‹ጠዋት መጋዘኑን ስከፍት ጓጉንቸሩ ተሰበረ፤ ሁለት ጆንያ ቡናም ተወሰደ› ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። አለቃዬ ‹የሰበርከው አንተ ነህ እንዴ?› አለኝ። ምን አጠፋሁ?»

አለቃህ ያነበበው የጻፍከውን ነው። «ስነካው ወደቀ» ሲባል መጀመሪያ ነካሁት፣ ከዚያ ወደቀ ማለት ነው። እንዲያውም በመንካቴ ወደቀ የሚል ይመስላል። «ስከፍት ተሰበረ» ም እንደዚያው ነው። ጓጉንቸሩ እጅህ ላይ ተሰበረ ይላል። ቡናውም አንተ እያየህ የተወሰደ ሆነ።

ሁለቱም አንተ ሳትመጣ ያለቁ ናቸው። ስለዚህ እንዲህ ይሁን፦ «ጠዋት ስደርስ ጓጉንቸሩ ተሰብሮ፣ ሁለት ጆንያ ቡና ተወስዶ ነበር።» «ነበር» መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ወደ ኋላ ሄዶ «ተሰብሮ»ንም ይይዛል። «ስከፍት» ንም አውጥቼዋለሁ። ጓጉንቸሩ ተሰብሮ ከጠበቀህ ምኑን ከፈትከው?

«ገባኝ። ግን ከሁለቱ የትኛው እንደቀደመ በምን ይታወቃል? ገልብጬ ብጽፈውስ?»

እዚህ ላይ ተጠንቀቅ። «ነበር» ሁለቱንም ከመድረስህ በፊት ያደርጋቸዋል እንጂ እርስ በርሳቸው አያሰልፋቸውም። የሚያሰልፋቸው ቦዝ አንቀጹ፣ ማለትም «ተሰብሮ»፣ «ተወስዶ» የሚለው የግሥ ቅርጽ ነው፤ «ታጥቦ በላ» ብለን መታጠቡ እንደቀደመ የምናውቀው በእሱ ነው።

አሁን ገልብጠው፦ «ሁለት ጆንያ ቡና ተወስዶ ጓጉንቸሩ ተሰብሮ ነበር።» ሰዋስዉ ምንም አልሆነም። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ቡናው መጀመሪያ ወጣ፣ ጓጉንቸሩ በኋላ ተሰበረ። መርማሪ ይህን ሲያነብ «ታዲያ በሩ በምን ተከፈተ?» ይላል። ቁልፍ ያለው ሰው አውጥቶ፣ ሌባ እንዲመስል ሰብሮት ሄደ ብሎ ያስባል። ቁልፉ ደግሞ ያለው አንተ ጋ ነው።

ቦዝ ሁሉ ግን ቅደም ተከተል አይደለም። «ሮጦ መጣ» ሮጦ ጨርሶ መጣ ማለት አይደለም፤ አመጣጡን ነው የሚናገረው። «ቆሞ በላ» ም እንዲሁ። ያንተዎቹ ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች ስለሆኑ ነው ተራቸው የሚቆጠረው።

እኔ ብሆን ግን ከነጭራሹ አላሰልፋቸውም። መሰበሩንም መወሰዱንም አላየህም። ያየኸው ውጤቱን ነው፤ ያየህበትን ተራ ጻፍ፦ «ስደርስ ጓጉንቸሩን ተሰብሮ አገኘሁት። ገብቼ ስቆጥር ሁለት ጆንያ ቡና ጎድሏል።»

«ይቅርታ፣ መምህር ነኝ። ሕጉ ቀላል ነው። ከሁለት ድርጊት የቀደመው ምንጊዜም ‹ነበር› ይገባዋል። ለተማሪዎቼም የማስተምረው ይህንኑ ነው።»

«ስደርስ»፣ «ስገባ» ካለ በአብዛኛው ልክ ነዎት። «ምንጊዜም» በሚለው ግን አልስማማም። «ሳልደርስ ሄደች»፣ «ከመድረሴ በፊት ሄደች» ሲባል ተራውን «ሳልደርስ» ና «በፊት» ጨርሰውታል። ተራ ኃላፊ ይበቃል።

ነገሩ በሆነበት ተራ ሲተረክም አያስፈልግም። «ቡናውን ሸጠ። ገንዘቡን ባንክ አስገባ። ወደ ጅማ ተመለሰ።» ሁለቱ ከመመለሱ በፊት ናቸው፤ ግን «ሸጦ ነበር፤ አስገብቶ ነበር» ቢሉ አንባቢው «እሺ፣ ከዚያስ ምን ተበላሸ?» ብሎ ይጠብቃል። «ደውዬልህ ነበር» እንደሚባለው ማለት ነው።

«‹ደውዬልህ ነበር› ውስጥ ታዲያ ሁለተኛው ድርጊት የታለ?»

አልተነገረም፤ ግን ይሰማል። አላነሳህም፣ ወይም ስልክህ ዝግ ነበር። «በሩን ከፍቼዋለሁ» ካልኩ አሁንም ክፍት ነው። «ከፍቼው ነበር» ካልኩ ግን አንድ ሰው ሳይዘጋው አልቀረም። «ነበር» ብቻውን ሲቆም ውጤቱ እንደፈረሰ ይጠቁማል። ተማሪዎችዎ ከቅደም ተከተሉ ጋር ይህንንም ቢሰሙ ደስ ይለኛል።

«ዋሺንግተን አካባቢ ለስደተኞች አስተረጉማለሁ። አንዲት እናት ‹ቤት ስደርስ ልጄ ታስሮ ነበር› አሉ። ‹ሃድ ቢን አሬስትድ› ብዬ አስተላለፍኩ። ጠበቃው ‹ታዲያ መቼ ተፈታ?› ብሎ ጠየቀ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ?»

እኅቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ሁለት ነገር ይይዛል። አንደኛው፣ ሲደርሱ ልጁ እስር ላይ ነው። ሁለተኛው፣ ከዚያ በፊት ታስሮ ተፈትቷል። እኔም ከወረቀቱ ላይ ልለየው አልችልም። እንዲህ ሲገጥምሽ አንዱን መርጠሽ አትለፊ። ለማጣራት ፈቃድ ጠይቂና «እርስዎ ቤት ሲደርሱ ልጅዎ የት ነበር?» በያቸው። «እስር ቤት» ካሉ ነገሩ አለቀ።

«እኔ ግን ሁለት ትርጉም አይታየኝም። እኛ ቤት ‹ታስሮ ነበር› ከተባለ ተፈትቷል ማለት ነው። አለቀ።»

ብቻውን ሲነገር ለእኔም እንደዚያ ነው የሚሰማኝ፤ ከ«ከፍቼው ነበር» ጋር ይሄዳል። «ስደርስ» ሲጨመርበት ግን መጀመሪያ የሚታየኝ እስር ላይ ያለ ልጅ ነው። ጎረቤቴን ጠየቅኳት፤ እሷ ካንተ ጋ ናት። በዚህ ላይ ልክ እኔ ነኝ ብዬ አልሟገትም። ቃሉ የምስክርነት ከሆነ ግን ልዩነቱ መኖሩ ራሱ ለማጣራት በቂ ምክንያት ነው።

«እኔ የምፈልገው ለእንግሊዝኛ ፈተና ነው። ሁለት የቀደሙ ድርጊቶች ካሉ ‹ሃድ› ሁለት ጊዜ ይገባል?»

ባለቤቱ አንድ ከሆነ አንዱ ይበቃል፦ «ሺ ሃድ ኢትን ኤንድ ሌፍት።» ባለቤቱ ሲለወጥ ድገመው። የእኛ «ነበር» መጨረሻ ላይ ሆኖ ወደ ኋላ ይይዛል፤ የእነሱ «ሃድ» ከፊት ሆኖ ወደ ፊት ይይዛል።

«‹መጥቼ ነበርኩ› ይባላል?»

አይባልም። «መጥቼ ነበር»፣ «መጥተን ነበር» ነው። ማን እንደመጣ «መጥቼ» ነግሮናል። «ቤት ነበርኩ» ሲሆን ግን «ነበር» ራሱ ዋናው ግሥ ስለሆነ በባለቤቱ ይለወጣል።

«ጋሼ፣ መጋዘኑ ነኝ። እንዳሉኝ አድርጌ አስተካከልኩት። ማታ መቆለፌንስ እንዴት ልጻፍ? ‹ቆልፌዋለሁ› ብዬ ነበር።»

«ቆልፌዋለሁ» አሁንም እንደተቆለፈ ነው ይላል፤ ጓጉንቸሩ ግን ተሰብሯል። «ቆልፌው ነበር» ስህተት የለበትም፤ ነገር ግን ከአለቃህ ጥያቄ በኋላ ሰበብ የምታቀርብ ያስመስልሃል። ሰዓቱን ካወቅከው ተራው ኃላፊ ይሻላል። «ማታ 12 ሰዓት ላይ ቆለፍኩት» በልና ከላይ፣ ከ«ስደርስ» በፊት አስገባው።