ውሃው ሲደርቅ መስታወቱ ላይ የሚቀረው ነገር፦ ጥያቄና መልስ

ሥራዬ መስታወት ማጽዳት ነው። መስኮት፣ የፊት መስታወት፣ የሻወር በር፣ ሁሉንም እነካለሁ። ዛሬ የላካችሁትን ጥያቄ እየተቀበልኩ እመልሳለሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል። ስታጸዱ መስታወቱን እርጥብ ሆኖ አትፍረዱት። እርጥብ መስታወት ሁሌም ንጹሕ ይመስላል። ጉዱ የሚታየው ሲደርቅ ነው።

ጥድፊያ፦ «መስኮቴን ባጠብኩ ቁጥር ሲደርቅ መስመር መስመር ይሆንብኛል። ሳሙና ብጨምርበት ይሻለው ይሆን?»

አይሻለውም፣ እንዲያውም ቀንሺ። መስመሩን የሚሠራው ራሱ ሳሙናው ነው። ውሃው ይተናል፣ ሳሙናው ግን የትም አይሄድም፤ ጨርቁ በሄደበት መንገድ ተጋድሞ ይቀራል። ለአምስት ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ባልዲው ላይ አረፋ ከተቆለለ በዝቷል ማለት ነው።

መጀመሪያ የመስኮቱን ፍሬምና ጠርዙን በደረቅ ብሩሽ ጥረጊ። ይህን የምትዘይ ከሆነ አቧራው ጭቃ ሆኖ ይወርድብሻል። ከዚያ መስታወቱን በስፖንጅ አርሺና ውሃውን በጎማ መጥረጊያ አውርጂ። ጎማውን ከማሳረፍሽ በፊት ከላይ በኩል ሁለት ጣት የሚያህል ስፋት በጨርቅ አድርቂለት። ጎማው ደረቅ ቦታ ላይ ከጀመረ ከጠርዙ ውሃ እየጎተተ አይወርድም። አንዴ ባወረድሽ ቁጥር የጎማውን ከንፈር በጨርቅ ጥረጊው፤ ቀጣዩን ስታወርጂ ደግሞ ያለፈውን ትንሽ ደርቢበት። መጨረሻ ላይ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ በደረቅ ጨርቅ ትጨርሻለሽ። ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበት አትሥሪ፤ ጎማው ሳይደርስ ውሃው ይደርቅብሻል።

ባለ ሦስተኛ ፎቅ፦ «መስመሩ ይታየኛል፣ ግን ከውስጥ ይሁን ከውጭ መለየት አቃተኝ። አንዱን ጎን ደጋግሜ ስፈትግ እውላለሁ።»

መፍትሔው ቀላል ነው። ውስጡን ከላይ ወደ ታች፣ ውጩን ከግራ ወደ ቀኝ ጥረግ። የቀረው መስመር ቆሞ ከታየህ ከውስጥ ነው፤ ተጋድሞ ከታየህ ከውጭ ነው። ሁለቱንም ጎን ጠርገህ የማይለቅ ጉም ካለና መስታወቱ ድርብ ከሆነ ግን ጉሙ በሁለቱ መስታወት መሃል ነው። ያ በጨርቅ አይደረስበትም። ዙሪያው የታሸገበት ነገር አፍስሶ እርጥበት ገብቶበታል።

አዲስ ጎጆ፦ «ማይክሮፋይበር ጨርቅ ጥሩ ነው ሲባል ገዛሁ። መጀመሪያ ጥሩ ነበር፣ አሁን ግን መስታወቱን ያደበዝዘዋል። አረጀ ማለት ነው?»

ከልብስ ጋር አብረሽ በልብስ ማለስለሻ አጥበሽው ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። ማለስለሻው ክሩ ላይ ቅባት ነገር ይተዋል፣ ጨርቁም ያንን መስታወቱ ላይ ይቀባዋል። በሙቅ ውሃና በትንሽ ሳሙና ብቻውን እጠቢው፣ ደህና አድርገሽ አለቅልቂው። ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ሁለት ጨርቅ ይኑርሽ፤ አንዱ ለማርጠብ፣ አንዱ ለማድረቅ። የሚያደርቀው እርጥበት ከያዘ ቀይሪው።

የድሮ ሰው፦ «ልጄ፣ እኛ ዕድሜ ልካችንን በጋዜጣ ነው ያጸዳነው። ከምኑም ጨርቅ ይበልጣል። ቀለሙ ነው መስታወቱን የሚያበራው።»

አባቴ፣ ጋዜጣ እንደሚሠራ አልክድም። ውሃ ይጠጣል፣ እንደ አሮጌ ጨርቅ ብናኝ አይጥልም። ቀለሙ ያበራዋል የሚለው ላይ ግን አልስማማም። የሚሠራው ወረቀቱ ነው ባይ ነኝ። ቀለሙ እጅ ያጠቁራል፣ ነጭ ፍሬም ላይም ይቀራል። ፍሬምዎ ጥቁር ከሆነና ከለመዱት ይቀጥሉ።

የድሮ ሰው፦ «አሁንም ቀለሙ ነው እላለሁ።»

ሳሎን ያላት፦ «የፀጉር ቤቴ መስታወት ከታች በኩል ጠርዙ እየጠቆረ ነው። በምን ይለቅልኛል? በየቀኑ ነው የማጸዳው።»

እህቴ፣ ያ ቆሻሻ አይደለም፣ ስለዚህ አይለቅም። የፊት መስታወት ከጀርባው ብርማ ሽፋን አለው። መስታወቱ ላይ በቀጥታ ስትነፊ ፈሳሹ ወርዶ ታች ጠርዙ ላይ ይጠራቀማል፣ ከዚያ ወደ ጀርባ ይገባና ሽፋኑን ይበላዋል። የጠቆረው አይመለስም፤ እንዳይስፋፋ ማድረግ ግን ትችያለሽ። ከዛሬ ጀምሮ ፈሳሹን ጨርቁ ላይ ንፊ። ጨርቁ እርጥበት ይያዝ እንጂ አይንጠብጠብ። ስትጨርሺ የታችኛውን ጠርዝ በደረቅ ጨርቅ ንኪው። የፀጉር ስፕሬይ የተጣበቀበትን ቦታ በአልኮል ባረጠብሽው ጨርቅ ጥረጊው፣ ቶሎ ይለቃል።

የቤት ተከራይ፦ «የገባሁበት ቤት የሻወር መስታወት ነጭ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ነው። ወደ ታች አካባቢ ጭራሽ ጉም የለበሰ ይመስላል። በሳሙና አጠብኩት፣ በመስታወት ማጽጃ ነፋሁት፣ ንቅንቅ አላለም። በውሃ ሳረጥበው ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ተስፋ አለው?»

ይህኛው ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። የቧንቧ ውሃ ውስጥ የሟሟ ካልሲየምና ማግኒዥየም አለ። ጠብታው መስታወቱ ላይ ሲደርቅ ውሃው ይሄዳል፣ ማዕድኑ ነጭ ቀለበት ሆኖ ይቀራል። ውሃ በምናፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገርም ይኸው ነው። ሳሙና አያሟሟውም፤ የሚያሟሟው አሲድ ነው።

ሙሉ መስታወቱን ከመንካትህ በፊት የእጅህን መዳፍ የምታህል ቦታ ምረጥ። መጀመሪያ ጥፍርህን በቀስታ አሳልፍበት። ከሻከረህ ከላይ የተጋገረ ነገር አለ፣ ደስ ይበልህ። ከዚያ ያንን ቦታ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥበህ አለቅልቀው። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። ሻወር ውስጥ ማዕድኑን የገላ ሳሙና ቅባት ይሸፍነዋል፣ አሲዱ ደግሞ ቅባቱን አልፎ አይደርስበትም። አንተም አቼቶ ሞክረህ ቢሆን ኖሮ «አልሠራም» ትለኝ ነበር።

አሁን ሶፍት ወይም ቀጭን ጨርቅ በአቼቶ ነክረህ ቦታው ላይ ለጥፈው። አቼቶውን በውሃ አታቅጥነው። የተለመደው አቼቶ አሲዱ 5 በመቶ ገደማ ስለሆነ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ይቆይ፣ እየደረቀ ከመጣ ጨምርበት። ነፍተህ ብትተወው ግን በደቂቃ ውስጥ ይወርዳል፣ አሲዱም ሥራውን ሳይጀምር ያልቃል። ከዚያ በማይጭር ስፖንጅ እሽት እሽት አድርገህ በብዙ ውሃ አለቅልቅ። አድርቀውና ያኔ ፍረድ።

ሦስት ነገር ሊገጥምህ ይችላል። ከጠፋ፣ ሙሉውን እንደዚሁ ሥራው። ከቀነሰ፣ ሽፋኑ ወፍራም ነውና ድገመው። ጨርሶ ካልተለወጠ ግን አትፈትግ፣ ተመልሰህ ንገረኝ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አቼቶ እብነ በረድ ላይ እንዳይፈስ፤ እሱም በአሲድ ይበላል። በረኪና ባለበት ቦታ ደግሞ ጨርሶ አትጠቀም። ሁለቱ ሲገናኙ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ትናንት በረኪና አፍስሰህ ከሆነ መጀመሪያ በደንብ አለቅልቀው፣ መስኮትም ክፈት።

ባለሙያዋ፦ «እኔ አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ደባልቄ ነው የማደርገው። ሲፈላ ቆሻሻውን ሁሉ ነቅሎ ያወጣዋል።»

አቼቶውም ሶዳውም ለየብቻቸው ጥቅም አላቸው። አንድ ላይ ስታደርጊያቸው ግን ይጠፋፋሉ። ያ የሚፈላው አረፋ አሲዱ እያለቀ እንደሆነ ነው የሚነግርሽ፤ የሚቀርሽ ጨዋማ ውሃ ነው። ለውጥ ያየሽው በማሸትሽ ይመስለኛል፤ ሶዳው ትንሽ ይፈገፍጋል። አስቀድመሽ በአቼቶ ሥሪ፣ አለቅልቂ፣ የቀረ ካለ ከዚያ በኋላ ሶዳውን በእርጥብ ስፖንጅ ቀስ ብለሽ ተጠቀሚ።

መነጽር ለባሽ፦ «እኔም ነጠብጣቡ አስቸግሮኛል፣ መነጽሬ ላይ። አቼቶ ልቀባው?»

አይ፣ እዚህ የምናወራው ስለ መስኮትና ሻወር መስታወት ነው። የመነጽር ሌንስ ስስ ሽፋን ስላለው አሲድ ሊያበላሸው ይችላል። ለብ ባለ ውሃ፣ በአንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙናና በንጹሕ ጨርቅ ተወሰን።

የቤት ተከራይ፦ «እንዳልከው አደረግኩ። ላይ ላይ ያለው ነጠብጣብ ጠፋ፣ አመሰግናለሁ! የታችኛው ጉም ግን ሁለቴ ደግሜው ያው ነው። ጥፍሬን ሳሳልፍበት ለስላሳ ነው።»

እንግዲህ የታችኛው ነገር ሌላ ሳይሆን አይቀርም። ውሃ ለረጅም ጊዜ እየተኛበት ሲደርቅ የመስታወቱን ገጽ ራሱን ይበላዋል። ከላይ የተቀመጠ ነገር የለም፣ የተጎዳው መስታወቱ ነው። ስታረጥበው የሚጠፋው ውሃው ጥቃቅን ጉድጓዱን ስለሚሞላው ነው። የማዕድን ቅርፊትም ሲረጥብ ስለሚደበቅ ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ለስላሳነቱና አሲዱ እንቢ ማለቱ ነው ያሳመነኝ።

ለመጨረሻ ሙከራ የሲትሪክ አሲድ ዱቄት ካገኘህ አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጠህ እንደ በፊቱ ለጥፈው። ሲሊካ የተባለው ማዕድን ከሆነም አቼቶም ሲትሪክም አይነኩትም፤ በዓይን ከተበላ መስታወት መለየቱ እኔንም ያስቸግረኛል። ያኔ የሚቀረው በሴሪየም ኦክሳይድ ዱቄት መወልወል ነው። ረጅምና አድካሚ ሥራ ነው፣ ሰፊ ቦታ ላይ ደግሞ እይታውን ሊያወላግደው ይችላል። ቤቱ የኪራይ ስለሆነ ለባለቤቱ አሳይተህ ብትተወው ይሻላል።

ችኩሉ፦ «ይህን ሁሉ ከማለፍ በምላጭ ቢፋቅ አይቀልም?»

ለቀለም ጠብታና ለሙጫ ይሆናል፣ ለተበላ መስታወት ግን ምንም አይፈይድም። የምትጠቀም ከሆነ መስታወቱ በሳሙና ውሃ የረጠበ ይሁን፣ ምላጩም አዲስ። ወደ ፊት ብቻ ግፋው፣ ወደ ኋላ አትጎትት። ወደ ኋላ ሲጎተት ከሥሩ የተያዘው አሸዋ ይጭራል። የሻወር በር አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት የጠነከረ መስታወት ነው፣ አንዳንዱ ሲመረት ገጹ ላይ ጥቃቅን ብናኝ ይቀርበታል። ምላጩ ያንን ነቅሎ ከጎተተው መስታወቱን ርዝመቱን ሙሉ ይጭርብሃል። እኔ ሻወር ላይ ምላጭ አላነሳም።

የቤት ተከራይ፦ «የጸዳው ክፍል እንዳይመለስስ?»

ትንሽ የጎማ መጥረጊያ ሻወሩ ውስጥ ስቀል። ታጥበህ ስትወጣ ውሃውን አውርደው፣ ታች ጠርዙን በፎጣ ንካው። መስታወት ላይ የሚቀባ ውሃ የሚያንሸራትት ፈሳሽም አለ፣ ጠብታ እንዳይቀመጥ ይረዳል። እሱንም እየቆየህ መድገም አለብህ፤ ጎማውን ግን አይተካልህም።