የጣልያንኛ ትኩረት ጭራው ላይ ነው

ጥያቄ (ከአንዲት ጀማሪ ተርጓሚ)፦ «‹ቁልፉን የጣለችው ሳራ ናት› የሚለውን ‹ኮሌይ ኬ ኣ ፔርሶ ላ ኪያቬ ኤ ሳራ› ብዬ ተረጎምኩት። ጣልያናዊት ጓደኛዬ ‹ስህተት የለውም፣ ግን ማንም እንዲህ አይልም› አለችኝ። ታዲያ ትኩረቱን የት ላስገባው?»

መልስ፦ ጓደኛሽ ልክ ናት። ትኩረቱን መጨረሻ ላይ አስገቢው። ጣልያንኛ አዲሱን ወሬ ወደ ጭራ መግፋት ይወዳል፤ አዲሱ ወሬ ባለቤቱ ከሆነም ያለ ምንም ችግር ከግሱ ኋላ ይሄዳል። እኛ ጋ ጭራውን ግሱ ስለያዘው ነው «የጣለችው እሷ ናት» እያልን ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት የምንሰነጥቀው። ጣልያኖች መሰንጠቅ አያስፈልጋቸውም፦ «ላ ኪያቬ ላ ፔርሳ ሳራ»።

ቁልፉ ቀድሞ የተወራበት ስለሆነ ፊት ወጣ፣ ሳራ መጨረሻ ላይ ቀረች። ሁለተኛዋን «ላ» ግን ልብ በያት። ቁልፉን የምትተካው «ላ» እና ረዳት ግሱ «ኣ» ተዋህደው ነው እንደዚያ የሚሰሙት። «ቁልፉን ሳራ ጣለችው» ስንል መጨረሻ ላይ ያለችው «ው» የምትሠራውን ነው የምትሠራው። «ፔርሶ»ም «ፔርሳ» የሆነው ቁልፍ በጣልያንኛ ሴት ስለሆነች ነው።

ይህችን «ላ» ብትረሻትስ? «ላ ኪያቬ ኣ ፔርሶ ሳራ» የሚባለው ድምፅን «ኪያቬ» ላይ ጫን አድርጎ፣ «ቦርሳውን ሳይሆን ቁልፉን ነው» ለማለት ነው። ወረቀት ላይ ድምፅ ስለሌለ አንባቢው ይደናቀፋል፤ በጽሑፍ ባትሞክሪው ይሻላል።

ጭራው የማይበቃበት ጊዜም አለ። አንዱ «የጣለው ዮናስ ነው» ብሎ ድርቅ ካለና አንቺ «ኧረ ሳራ ናት!» ብለሽ ልታርሚው ከሆነ፣ ያኔ ጣልያንኛም ይሰነጥቃል፦ «ኤ ስታታ ሳራ ኣ ፔርዴሬ ላ ኪያቬ»። እርማት ሳይኖር ይህን ከተጠቀምሽ ግን ሳራን የምትከሻት ይመስላል፤ በየመስመሩ ከደረደርሽውማ ትርጉምሽ የፍርድ ቤት መዝገብ ይሆናል።

የትኛውን እንደምትመርጪ ለማወቅ፣ ዓረፍተ ነገሩ ለየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሆነ ራስሽን ጠይቂ። «ሳራ ምን አደረገች?» ከሆነ ተራው ቅደም ተከተል ይበቃል፦ «ሳራ ኣ ፔርሶ ላ ኪያቬ»። «ማን ጣለው?» ከሆነ ሳራ ወደ ጭራ ትሂድ። ቡና ቤት ሂሳብ ሲመጣ ጣልያኖች «ፓጎ ዮ!» የሚሉት ለዚህ ነው፣ «እኔ ነኝ የምከፍለው» ማለታቸው ነው። «ዮ ፓጎ» ብትዪ «እኔስ እከፍላለሁ፣ የሌላውን እንጃ» ዓይነት ይሆንብሻል።

አንድ ነገር ልጨምር። «ማን ነው የጣለው?» የሚለው የእኛ ጥያቄ «ነው» ስላለበት ብቻ «ኪ ኤ ኬ ላ ፔርሳ?» አትበዪ። ያ በንግግር የተለመደ ቢሆንም፣ አንዳንዴ ትንሽ የመነጫነጭ ቃና ሊኖረው ይችላል። የእኛ «ነው» እዚህ ቦታ ላይ የተለመደ አነጋገር እንጂ ልዩ ጫና አይደለም፤ «ኪ ላ ፔርሳ?» ይበቃል።